ጅብ ከሄደ የሚጮህ በጀት፦ ለበጀት አዘጋጆችና አጽዳቂዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በየአገሩ በገንዘብ ሚኒስቴር በጀትና የታክስ ፖሊሲ ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣
በምክር ቤት የበጀት ቋሚ ኮሚቴ ተቀምጣችሁ ለምታጸድቁ አባላት፦

ኢኮኖሚ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚሆነውን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ምርት ይቀንሳል፣ ሠራተኛ ይሰናበታል፤ ይህ በስታቲስቲክስ ሪፖርት ላይ እስኪታይ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የማነቃቂያ ጥቅል ይረቀቃል፣ ምክር ቤት ይከራከርበታል፣ ይጸድቃል፣ ጨረታ ይወጣል። ገንዘቡ ገበያ ውስጥ ሲገባ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ መቅጠር ጀምረዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ውሻው ዘግይቶ ቢጮህ ግን የሚጎዳ ነገር የለም። የዘገየ በጀት ይጎዳል፤ መዘግየቱ የተወሰነ ልክ ካለፈ ምንም ሳያደርጉ ከመቀመጥ የባሰ ውጤት ያመጣል። ልኩ የት እንደሆነ በስሌት ማሳየት ይቻላል፤ ከዚህ በታች እናሳያለን።

በመጀመሪያ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ የሚሠራውን መሣሪያ እንይ። አውቶማቲክ ማረጋጊያ የምንለው በሕግ አስቀድሞ የተጻፈና ገቢ ሲወርድ በራሱ የሚንቀሳቀስ የታክስና የድጋፍ ሥርዓትን ነው። ለምሳሌ የደመወዝ ገቢ ግብር እስከ 1,000 ከግብር ነጻ፣ ከ1,000 እስከ 3,000 ላለው 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 30 በመቶ ነው እንበል። ወር 5,000 የሚያገኝ ሰው 1,000 ግብር ከፍሎ 4,000 ይዞ ይገባል። የሥራ ሰዓቱ ተቀንሶ ደመወዙ 4,000 ሲሆን ግብሩ 700 ይሆናል፤ እጁ ላይ 3,300 ይቀራል። ካጣው 1,000 ውስጥ 300ውን የተሸከመው መንግሥት ነው፤ የተሸከመውም በዚያው ወር፣ ገንዘብ ቤቱ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር በሠራበት ቀን ነው። ሰውየው ጨርሶ ከሥራ ከወጣና የሥራ አጥ ድጎማ ካለ ደግሞ የመንግሥት ድርሻ ከዚህ ይበልጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በአሜሪካ የታክስና የድጋፍ ሕጎች ላይ ተመሥርቶ የተሠራ በሰፊው የሚጠቀስ ስሌት አለ። የሁሉም ሰው ገቢ በአንድ ዓይነት መጠን ቢወርድ፣ ሥርዓቱ ከድንጋጤው በአውሮፓ 38 በመቶውን፣ በአሜሪካ 32 በመቶውን ይውጣል። ድንጋጤው በሥራ ማጣት መልክ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይሰፋል፦ 47 በመቶ ለ34። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው የሥራ አጥ ድጎማው ስፋት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ በየጊዜው ተወስኖ የሚወጣው የፊስካል እርምጃ ነው፤ ጊዜያዊ የታክስ ቅነሳ፣ የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ተጨማሪ የካፒታል በጀት። መጠኑንም ዓይነቱንም እንደ ችግሩ መቁረጥ ስለሚቻል ለፖለቲካ ሰው ይህ ይመረጣል፤ ሪባን የሚቆረጥበትም ይኸኛው ነው። ግን ሦስት በሮች ማለፍ አለበት፦ ችግሩን መገንዘብ፣ መወሰን፣ መፈጸም። በእያንዳንዱ በር ላይ ጊዜ ይበላል።

የመገንዘቡ መዘግየት ምን እንደሚመስል ከአሜሪካ አንድ ሁኔታ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያ ግምት፣ በ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ኢኮኖሚው በዓመታዊ ስሌት 3.8 በመቶ እንደወረደ ገለጸ። በዚያ ሰሞን የካቲት 17 ቀን 2009 የ787 ቢሊዮን ዶላር የማነቃቂያ ሕግ ተፈረመ። በዚያው ወር መጨረሻ ግምቱ ወደ 6.2 በመቶ ተከለሰ፤ በ2011 በተደረገው ክለሳ ደግሞ 8.9 በመቶ ሆነ። ጥቅሉ ሲለካ የታየው የጉድጓዱ ጥልቀት ከግማሽ በታች ነበር ማለት ነው። የቢዝነስ ዑደቶችን ቀን የሚቆርጠው የአገሪቱ የኢኮኖሚስቶች ኮሚቴም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በመጋቢት 2001 መቀዝቀዝ እንደጀመረ ያስታወቀው በኅዳር 26 ቀን 2001 ነው። ያ መቀዝቀዝ ያበቃውም በዚያው በኅዳር ወር መሆኑ በኋላ ታወቀ።

የውሳኔው መዘግየት ደግሞ ኢኮኖሚ ሲግልም ይሠራል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጥር 1967 በገቢ ግብር ላይ 6 በመቶ ጭማሪ እንዲጣል ጠየቁ፤ በነሐሴ ጥያቄውን ወደ 10 በመቶ አሳደጉት፤ የተፈረመው በሰኔ 1968 መጨረሻ ነው። በሐሳቡና በሕጉ መካከል አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አለፈ፤ ግሽበቱ እስከዚያ አልጠበቀም። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከኅዳር 1973 ጀምሮ የነበረው መቀዝቀዝ ታችኛው ነጥብ ላይ የደረሰው በመጋቢት 1975 ሲሆን፣ የታክስ ተመላሹ ሕግ የተፈረመው በዚያው ወር 29ኛ ቀን ነው። ቼኮቹ የተላኩት ማገገሙ ከጀመረ በኋላ ነው።

በጣም የሚረዝመው የአፈጻጸሙ መዘግየት ነው፤ ርዝመቱንም የሚወስነው የተመረጠው መሣሪያ ነው። በጥቅል ውስጥ ሁልጊዜ የማይጠፋውን መንገድ፣ ድልድይ፣ የውኃ መስመር እንውሰድ። ዲዛይኑ ካላለቀ ሦስት ወር ያህል፣ የጨረታ ሰነድ ወጥቶ ተጫራቾች ዋጋ እስኪያስገቡ ሁለት ወር፣ ግምገማና አቤቱታ ሁለት ወር፣ ውል መፈረምና ዋስትና ማቅረብ አንድ ወር፣ ተቋራጩ ማሽንና ሠራተኛ ሳይቱ ላይ እስኪያደርስ ሁለት ወር። ይህ ሁሉ ነገር ሲሰምር ነው፤ የወሰን ማስከበርና የካሳ ጉዳይ ከተነሳ ቀኑን መናገር አይቻልም። የመጀመሪያው ኮንክሪት ሳይፈስ አሥር ወር ሄደ። ቅድመ ክፍያ ቀድሞ ቢወጣም አብዛኛው በተቋራጩ ሒሳብ ላይ ወይም በማሽን ኪራይ ላይ ይቆያል እንጂ ወዲያው የደመወዝ ክፍያ አይሆንም። ከዚያ በኋላም ወጪው እኩል አይወጣም፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ መሐል ላይ በኃይል፣ መጨረሻ ላይ እንደገና በቀስታ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ትልቁ ወጪ የሚወድቀው ሕጉ ከጸደቀ ከሃያ ወር በኋላ አካባቢ ነው። በአሜሪካ በየካቲት 1961 ላበቃ መቀዝቀዝ የሕዝብ ሥራዎች ማፋጠኛ ሕግ የተፈረመው በመስከረም 1962 ነው። በኅዳር 1982 ላበቃው ደግሞ የአስቸኳይ የሥራ በጀቱ ሕግ የወጣው በመጋቢት 1983 ነው። ሁለቱም ገና ጨረታ የሚጠብቁ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ቀላል ቀመር ነው። `X` ያለ ፖሊሲ የሚኖረው የኢኮኖሚ መወዛወዝ፣ `Y` ፖሊሲው የሚጨምረው፣ `Z` የሁለቱ ድምር፣ `r` በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና፣ `σ` የእያንዳንዱ መወዛወዝ መጠን፣ `Var` የዚያ መጠን ካሬ ቢሆን፦

```
Var(Z) = Var(X) + Var(Y) + 2·r·σX·σY
ማረጋጋት የሚችለው፦ r < −σY / (2·σX) ሲሆን ብቻ
```

ፖሊሲው ከኢኮኖሚው በተቃራኒ መንቀሳቀሱ ብቻ አይበቃም፤ በበቂ ሁኔታ ተቃራኒ መሆን አለበት። የሚፈለገው መጠንም ፖሊሲው በገዘፈ ቁጥር ይጨምራል። ይህን ወደ ወራት እንመንዝረው። ሙሉ ዑደቱ 48 ወር የሚፈጅ፣ ለስላሳ ሞገድ የመሰለ መወዛወዝ እንውሰድና ያለ ፖሊሲ የሚኖረውን መጠን 100 እንበለው። የመወዛወዙን ግማሽ የሚያህል ፖሊሲ ምንም ሳይዘገይ ቢደርስ መወዛወዙ ወደ 50 ይወርዳል። 6 ወር ከዘገየ 74፣ 9 ወር ከዘገየ 93 ይሆናል። ወደ 10 ወር ሲደርስ ተመልሶ 100 ነው፤ ገንዘቡ ወጣ፣ ዕዳው ተመዘገበ፣ ኢኮኖሚው ግን ምንም አልተረጋጋም። 12 ወር ከዘገየ 112፣ 15 ወር ከዘገየ 128። ከላይ ለመንገዱ የቆጠርናቸው አሥር ወራት ከአፈጻጸሙ ብቻ የመጡ እንደነበሩ፣ የመገንዘብና የመወሰን ጊዜ እንዳልተጨመረባቸው ልብ በሉ።

“እንግዲያው ጥቅሉን እናግዝፈው” የሚለው መልስ ነገሩን ያባብሰዋል። መወዛወዙን ሙሉ በሙሉ ለመሰረዝ የታሰበ ፖሊሲ በጊዜው ቢደርስ በእርግጥ ሁሉንም ያጠፋዋል፤ ነገር ግን የሚታገሰው መዘግየት 8 ወር ብቻ ነው። በ9 ወር መወዛወዙን ወደ 111፣ በ12 ወር ወደ 141 ያደርሰዋል። ዘጠኝ ወር እንደሚዘገይ የሚያውቅ መንግሥት ሊመርጠው የሚችለው ምርጥ መጠን የመወዛወዙን 38 በመቶ ያህል ነው። ይህም ቢሆን የሚያስገኝለት ከ100 ወደ 92 መውረድ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር በበጀት መግለጫ ላይ ሲጻፍ አላየንም፤ መጻፍ ነበረበት።

ስሌቱን ከሚገባው በላይ ልናስነግረው አንፈልግም። እውነተኛ ኢኮኖሚ ለስላሳ ሞገድ አይደለም። በታኅሣሥ 2007 የጀመረው የአሜሪካ መቀዝቀዝ 18 ወር ቆይቶ በሰኔ 2009 ቢያበቃም ሥራ አጥነቱ 10 በመቶ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 2009 ነው። ማገገሙም ለዓመታት ተጓቷል፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ የዘገየው ገንዘብም ሥራ ፈት ሰውና ማሽን አግኝቷል። ጉድጓዱ ጥልቅና ረጅም በሆነ ቁጥር መዘግየት የሚያስከፍለው ያንሳል። ችግሩ፣ የመቀዝቀዙ ርዝመት በውሳኔው ቀን አይታወቅም። አብዛኛዎቹ ከጦርነቱ ወዲህ ያሉ የአሜሪካ መቀዝቀዞች ደግሞ ከአንድ ዓመት ያነሱ ናቸው።

አውቶማቲክ ማረጋጊያዎች የመወሰኑን በር ጨርሰው፣ የመገንዘቡን ደግሞ በአብዛኛው ያልፉታል። ግን እንከን የለሽ አይደሉም። የመጀመሪያው ድክመታቸው ውድቀቱን ያለዝባሉ እንጂ ኢኮኖሚውን ወደ ላይ አይገፉም። ሁለተኛው በእናንተ እጅ ያለ ነው፦ ሕጉ ውስጥ የተደበቀ መዘግየት። የንግድ ትርፍ ግብር ቅድመ ክፍያ ባለፈው ዓመት ትርፍ ላይ የሚሰላበትን አሠራር ተመልከቱ። አንድ ድርጅት ባለፈው ዓመት 12 ሚሊዮን አትርፎ በ30 በመቶ 3.6 ሚሊዮን ግብር ከፈለ። ዘንድሮ በየሩብ ዓመቱ 900 ሺህ እንዲያስገባ ይጠየቃል። ገበያው ቀዝቅዞ የዘንድሮ ትርፉ 4 ሚሊዮን ከሆነ እውነተኛ ግብሩ 1.2 ሚሊዮን ነው፤ ይህንን ሁለተኛው ክፍያ ላይ አልፎታል። ዓመቱን ሙሉ 3.6 ሚሊዮን አስገብቶ፣ ተመላሹን 2.4 ሚሊዮን የሚያገኘው በሚቀጥለው ዓመት ሒሳቡ ተመርምሮ ሲጸድቅ፣ ምናልባትም ገበያው ሲያገግም ነው። ማረጋጊያ ብለን የጻፍነው ግብር በክፉ ቀን ጥሬ ገንዘብ ሰብስቦ በደግ ቀን ይመልሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ድርጅቱ በየሩብ ዓመቱ የዘንድሮ ግምቱን አስታውቆ ክፍያውን እንዲያስተካክል መፍቀድ፤ ቅጣቱንም ግምቱ ከእውነተኛው ግብር ከተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ ከ20 በመቶ በላይ ሲያንስ ብቻ ማድረግ።

ሦስተኛው ማረጋጊያውን በሌላ እጅ የሚያፈርሰው የጉድለት ጣሪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አማካይ ስሌት ምርት ከመደበኛ አቅሙ 1 በመቶ ሲወርድ የበጀት ሚዛኑ በጂዲፒ 0.5 በመቶ ገደማ ይባባሳል። ጉድለቱ 2 በመቶ፣ ጣሪያው 3 በመቶ የሆነ መንግሥት ምርቱ በ4 በመቶ ቢወርድበት ጉድለቱ ማንም ሳይነካው 4 በመቶ ይሆናል። ጣሪያውን ለማክበር በዓመቱ አጋማሽ የጂዲፒውን 1 በመቶ ወጪ መቁረጥ አለበት፤ ይህም ማረጋጊያው ካስገባው ድጋፍ ግማሹን መልሶ መውሰድ ነው። ጣሪያው በዑደት በተስተካከለው፣ ማለትም የኢኮኖሚው መውጣትና መውረድ ያመጣው ለውጥ ተነሥቶ በሚቀረው ሚዛን ላይ ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው፤ ምንም እንኳ “መደበኛ አቅም” የሚባለው ራሱ እየተከለሰ የሚያስቸግር ግምት ቢሆንም። በደጉ ጊዜ ከጣሪያው ራቅ ብሎ መቆየት ከየትኛውም ማስተካከያ ቀመር የተሻለ ዋስትና ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን መጣን። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ሦስተኛ አለ፦ በደግ ቀን ተከራክራችሁ የምታጸድቁት፣ ነገር ግን መቀስቀሻው ሲነካ ብቻ ሥራ የሚጀምር ድጋፍ። በሰፊው የሚታወቀው መቀስቀሻ አሜሪካዊቷ ኢኮኖሚስት ክላውዲያ ሳም በ2019 ያቀረበችው ነው፦ የሥራ አጥነት ምጣኔ የሦስት ወር አማካይ ባለፉት 12 ወራት ከነበረው ዝቅተኛ የሦስት ወር አማካይ በ0.5 መቶኛ ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር ለቤተሰቦች ክፍያ ይጀመር የሚል። ጥንካሬው የሥራ አጥነት ምጣኔ በየወሩ የሚወጣና እንደ ጂዲፒ ብዙ የማይከለስ መሆኑ ነው። በየወሩ የሥራ ጥናት የማይደረግ ከሆነ ከደመወዝ ተቀናሽ ግብር የሚገኘው የተቀጣሪ ቁጥር ሊያገለግል ይችላል፤ ዳታው ቀድሞውንም በገቢዎች እጅ አለና። መቀስቀሻውን ስትፈትሹ ግን ዛሬ ተከልሶ በተቀመጠው ተከታታይ ዳታ ሳይሆን በየወቅቱ መጀመሪያ በወጣው ቁጥር ፈትሹት። በተከለሰ ዳታ ሁሉም መቀስቀሻ ብልህ ይመስላል።

በሐሰት የሚጮህበትም ጊዜ አለ። በሐምሌ 2024 የአሜሪካ ሥራ አጥነት የሳምን መስፈርት አለፈ፤ ብዙ ሰው ወደ ሥራ ገበያው በመግባቱ ምጣኔው ከፍ ብሎ ነበር እንጂ የተፈራው መቀዝቀዝ ወዲያው አልተከተለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ መጠነኛ ይሁን፤ ምልክቱ በቀጠለ ቁጥር ይጨምር።

ከማብሪያው ይልቅ ማጥፊያው ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። በአሜሪካ ከ1970 ጀምሮ ያለው የተራዘመ የሥራ አጥ ድጎማ አንዱ መቀስቀሻው ሁለት መስፈርት አለው፦ መድን የገቡ ሠራተኞች የሥራ አጥነት ምጣኔ 5 በመቶ መድረሱ፣ እንዲሁም ካለፉት ሁለት ዓመታት ተመሳሳይ ወቅት አማካይ 120 በመቶ መሆኑ። ሥራ አጥነት ከፍ ብሎ ሁለት ዓመት ከቆየ ማነጻጸሪያው ራሱ ከፍ ስለሚል ሁለተኛው መስፈርት አይሟላም። ድጎማውም ሰዉ ሥራ ሳያገኝ ይዘጋል። በ2010 መጨረሻ ግዛቶች የሦስት ዓመት ማነጻጸሪያ እንዲጠቀሙ የተፈቀደው ለዚህ ነበር፤ አውቶማቲክ የተባለው ሕግ በአስቸኳይ ሕግ መጠገን አስፈለገው። ማጥፊያው በለውጥ ላይ ሳይሆን በደረጃ ላይ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ ምጣኔው ከመቀዝቀዙ በፊት ከነበረው በ1 መቶኛ ነጥብ ውስጥ ሲመለስ።

ከሁሉም በላይ የመክፈያ መስመሩ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በአሜሪካ በመጋቢት 27 ቀን 2020 የተፈረመው የወረርሽኝ ጊዜ ድጋፍ ሕግ ቀጥታ ክፍያዎች በሚያዝያ አጋማሽ በብዙ ሰው የባንክ ሒሳብ ገብተዋል፤ የታክስ መዝገቡ የሒሳብ ቁጥሮቹን ስለያዘ። በዚያው ሕግ ውስጥ የነበረው የሥራ አጥ ድጎማ ጭማሪ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሐሳቡ ለእያንዳንዱ ሰው ከቀድሞ ደመወዙ ጋር የተመጣጠነ መተኪያ መስጠት ነበር፤ የብዙ ግዛቶች ያረጀ የኮምፒውተር ሥርዓት ይህንን በቶሎ ማስላት አልቻለም። በዚህ ምክንያት ለሁሉም እኩል በሳምንት 600 ዶላር ተጨመረ፤ ብዙ ዝቅተኛ ተከፋዮችም ከደመወዛቸው የሚበልጥ ድጎማ አገኙ። ያን ጊዜ የድጎማውን መጠን የወሰነው የፖሊሲ ክርክር አልነበረም፤ የድሮ ሶፍትዌር ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የበጀት ዘመን የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። የትርፍ ግብር ቅድመ ክፍያ አንቀጹን አሻሽሉ። መቀስቀሻውን፣ መጠኑንና ማጥፊያውን የያዘ የድጋፍ ሕግ ኢኮኖሚው ደኅና በሆነበት ጊዜ አጽድቁ፤ ክፉ ቀን ላይ እያንዳንዱ አባል የራሱን ፕሮጀክት ይዞ ይመጣል። ግንባታን ለረጅም ጊዜ ዕቅድ ተዉት፤ ለማረጋጊያነት ከፈለጋችሁት ዲዛይኑ ያለቀ፣ ወሰኑ የተከበረ የጥገና ሥራ ብቻ በዝርዝር ያዙ። የክፍያ ዝርዝሩንም በዓመት አንድ ጊዜ በእውነተኛ ገንዘብ ሞክሩት፦ ከዝርዝሩ በዕጣ ለተመረጠ አንድ አሥረኛ ያህል ሰው ጥቂት ገንዘብ ላኩ። ስንቱ በተዘጋ ሒሳብ፣ ስንቱ በስም አለመጣጣም፣ ስንቱ በተቀየረ ስልክ ቁጥር ምክንያት እንደተመለሰ ቆጥራችሁ በበጀት ሪፖርቱ አባሪ ላይ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
በፊስካል ፖሊሲና በበጀት አፈጻጸም ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች